ሽንት ቤቱ ተቆጠረ፤ አዛባውን ማን ይቁጠረው?

በጋይንት፣ በስማዳና በእስቴ ስለ ዝንብና ስለ ተቅማጥ ሲነሳ የስብሰባው መልስ አንድ ነው፦ «ሽንት ቤት ቆፍሩ።» ምክሩ ትክክል ነው፤ ግን ግማሽ ነው። ሌላው ግማሽ በየበረቱ ደጃፍ ተከምሮ ይራባል።

ነገሩን ያደበላለቀው ሁለት ዝንብ አንድ ተደርጎ መታየቱ ነው። በሕፃናት ዓይን ላይ የሚሰፍረውና ከትራኮማ ጋር ስሙ የሚነሳው ዝንብ የሚፈለፈለው በዋናነት ሜዳ ላይ በወደቀ የሰው ዓይነ ምድር ነው። ጉድጓድ ውስጥ አይራባም፤ ስለዚህ ሽንት ቤት ሲቆፈር መራቢያውን ያጣል። እንጀራችን ላይ የሚያርፈው የቤት ዝንብ ግን ሌላ ነው። እሱ የሚወደው እርጥብ እበት፣ አዛባ፣ የበሰበሰ ጥራጊና አተላ ነው። ቀበሌው «ከሜዳ ላይ መጸዳዳት ነፃ» ቢባልም አዛባው ከበረቱ ደጃፍ እስካልተነሳ ድረስ ይህኛው ዝንብ ምንም አይጎድልበትም።

የቤት ዝንብ ጠጣር ምግብ መብላት አይችልም። በምግቡ ላይ ምራቁንና በሆዱ የያዘውን ተፍቶ፣ አሟሙቶ ይመጥጣል፤ በዚያው ላይም ይጸዳዳል። ከጓሮ የሕፃን ዓይነ ምድር ተነስቶ ገንፎው ላይ ሲያርፍ በእግሩ ጸጉርና በሆዱ ጀርም ይዞ ይመጣል። ደም የተቀላቀለበት ተቅማጥ የሚያመጣው ሺጌላ ደግሞ ሰው ለማሳመም ከ10 እስከ 100 የሚደርሱ ተሕዋስያን ይበቁታል። ለዚህ ጥቂት ዝንብ በቂ ነው።

ይህ ግምት አይደለም። በእስራኤል የጦር ሠፈሮች የዝንብ ወጥመድ በተተከለበት ጊዜ በተቅማጥ ምክንያት ወደ ክሊኒክ የሚመጣው ወታደር በ42 በመቶ፣ የሺጌላ ሕመም ደግሞ በ85 በመቶ መቀነሱ በ1991 እ.ኤ.አ. ታትሟል። በፓኪስታን መንደሮች ዝንብ በመድኃኒት ርጭት ሲጠፋ የሕፃናት ተቅማጥ በ23 በመቶ ቀንሷል። የሁለተኛው ቁጥር ማነስም ትምህርት አለው፦ ቀሪው ተቅማጥ በውኃና በእጅ ይመጣል። ዝንብን መከላከል እጅ መታጠብን አይተካም።

ታዲያ ርጭት ይምጣ? ዝንብ መድኃኒትን ይለምዳል፤ ክምሩ ካለ ደግሞ ርጭቱ ባቆመ ማግሥት ይመለሳል። መፍትሔው ቀን መቁጠር ነው። አንዲት ዝንብ በአንድ ጊዜ ከ100 በላይ እንቁላል ትጥላለች። በሞቃት ቦታ እንቁላሉ በአንድ ቀን ትል ይሆናል፤ ትሉ በአራት አምስት ቀን ጠግቦ ወደ ደረቅ አፈር ይወጣና ቡናማ ቅርፊት ውስጥ ይጠቀለላል፤ ከዚያ በጥቂት ቀናት ዝንብ ሆኖ ይበራል። በጉና ዙሪያ ደጋ ይህ ሁሉ ሳምንታት ይፈጃል። ወደ በሽሎ በሚወርደው የስማዳ ቆላ ግን በጣም ያጥራል። ስለዚህ ደጋው በሳምንት አንዴ፣ ቆላው በሳምንት ሁለቴ አዛባውን ቢያነሳ ትሉ ሳይበር ይቀራል።

እበት ግን ለገበሬው ቆሻሻ ሳይሆን ማገዶና ማዳበሪያ ነው፤ «ጣሉት» የሚል ሰው አይሰማም። መባል ያለበት «አድርቁት» ነው። ሳስቶ የተጠፈጠፈ ኩበት ፀሐይ ላይ ቶሎ ይደርቃል፤ ትል ያለ እርጥበት አያድግም። ችግሩ ክረምት ነው፤ ኩበቱ አይደርቅም፣ ክምሩ ያድጋል። ያኔ ከቤት ራቅ ተደርጎ፣ ጠበቅ ብሎ ተከምሮ አፈር ይልበስ። ውስጡ ሲግል ትሉን ይገድላል፤ ትል የሚተርፈው በቀዝቃዛው ዳር ስለሆነ ዳሩ በየሳምንቱ ወደ መሐል ይገልበጥ። መሥራቱን ማወቅ ቀላል ነው፦ የክምሩን ዳር በእንጨት ጫር ማድረግ። ነጭ ትል ወይም የስንዴ ፍሬ የሚያህል ቡናማ ቅርፊት ከተገኘ ዘግይቷል።

በቤት ውስጥ ደግሞ መሶቡ ክዳን አለው። የሚረሳው የሕፃኑ ገንፎና አጥሚት ነው። «ይብረድለት» ተብሎ ክፍቱን ይቀመጣል፤ ለብ እንዳለ ሰዓታት ሲያድር ዝንቡ ያመጣው ጥቂት ጀርም እዚያው ይበዛል። ስለዚህ ከእሳት ሲወርድ ወዲያው ይከደን፤ የተረፈው እንደገና ሳይፈላ ለሕፃን አይሰጥ። በክዳን ፋንታ የቆሸሸ ጨርቅ መጣልም ጥቅም የለውም፤ ጨርቁ ራሱ ጀርም ያቀብላል።

«እናቶች ንጽሕና አያውቁም» ማለት ይብቃ። በረቱና ክምሩ የአባወራውም ነው። ሽንት ቤት የጤና ጽሕፈት ቤት፣ ማዳበሪያ የግብርና ጽሕፈት ቤት ሥራ ሆኖ በመሐል እርጥቡ አዛባ ባለቤት አጥቷል። ሁለቱ ቢሮዎች በአንድ ቅጽ ላይ አንድ ጥያቄ ይጨምሩ፦ «ክምሩ መቼ ተነሳ?» ይህ እስካልተጠየቀ ድረስ በሪፖርት የሚያድገው የሽንት ቤት ቁጥር፣ በጓሮ የሚያድገው ግን ዝንብ ነው።