አረንጓዴው ጥብጣብ ቁመት አይለካም

ዳባት ገጠር ያለ የሁለት ዓመት ወንድ ልጅ እናስብ። የክንዱ ዙሪያ 13.5 ሴንቲሜትር ነው፤ ጥብጣቡ አረንጓዴ ያሳያል፤ «ደህና ነው» ተብሎ ይሸኛል። እውነት ነው፣ አልከሳም። መክሳት በሳምንታት ውስጥ ይመጣል፤ ክንዱ ከ12.5 ሲወርድ ጥብጣቡ ያሳብቃል። ግን ቆሞ ሲለካ ቁመቱ 79 ሴንቲሜትር ቢሆንስ? በዚህ ዕድሜ ከ81 በታች መቀንጨር ነው። ጎረቤት «አባቱን ወጥቶ ነው» ይላል!

እኔ መጀመሪያ የምጠይቀው ከ6 ወሩ ጀምሮ ከጡት ሌላ ምን እንደበላ ነው። ቀጭን አጥሚት ሆድ ይሞላል እንጂ ጉልበቱ ትንሽ ነው። ከማንኪያ የማይንጠባጠብ ገንፎ፣ ዘይትና እንቁላል ተጨምሮበት ያስፈልገዋል። ቤተ ክርስቲያን ሕፃን ይጹም አላለችም፤ እናት ግን በጾም የቤቱን ዕቃ በእንቁላል ማስነካት ትፈራለች። ስለዚህ ለልጁ የራሱ ትንሽ ድስት ይለይለት።