ጣሪያ ሠሪው ሂሳቡን ከመቀበሉ በፊት

ክረምት ሊገባ ሲል በሰፈራችን መሰላል የማይቆምበት ግቢ ጥቂት መሆኑ ይታወቃል። የጣሪያ ሥራ ከሌላው ጥገና የሚለየው ግን ጥሩ ይሁን መጥፎ ከመሬት ሆኖ ስለማይታይ ነው። ግድግዳ ቢቀባ ባለቤቱ ዓይኑን ጣል አድርጎ ይፈርዳል። በጣሪያ ላይ የሚፈርደው ዝናብ ነው፤ ያን ጊዜ ደግሞ ሠራተኛው ገንዘቡን ተቀብሎ ሄዷል። ስለሆነም ባለፈው ግንቦት በአንዲት እናት ቤት የተሠራውን ሥራ በእሳቸው ፈቃድ፣ የሠራተኛውን ስም ሳንጠራ፣ በጥራት፣ በጊዜና በዋጋ መዝነን ለነዋሪው ማቅረብ አስፈላጊ ሆኖ አግኝተነዋል።

በመጀመሪያ ጥራቱን እንይ። የመኝታ ቤቱ ኮርኒስ በአንድ ወገን ጠቁሮ ነበር። ከዚህ በፊት የመጣ ሌላ ሰው ከጠቆረው ቦታ አናት ላይ ሬንጅ ለድፎ ሄዷል፤ ሬንጁ የበጋ ፀሐይ ሲመታው ተሰነጣጠቀ፣ ፍሳሹም አልቆመም። የአሁኑ አናጢ ግን «እማማ፣ ውሃ የሚገባበትና የሚንጠባጠብበት አንድ አይደለም» ብሎ ሞራሌውን ተከትሎ ወደ ላይ ሲፈልግ ሁለት ሜትር ያህል ርቆ ቀዳዳውን አገኘው። ውሃው እዚያ ገብቶ በእንጨቱ ላይ እየተንሸራተተ ነበር የሚወርደው።

ምክንያቱ የምስማር አመታት ነው። ቆርቆሮ ያበጠ ጀርባና ዝናብ የሚወርድበት ቦይ አለው። ምስማር የሚመታው በጀርባው ላይ ነው፤ በቦዩ የመታ ሰው ውሃው በሚሄድበት መንገድ ላይ ቀዳዳ ከፈተ ማለት ነው። የዚህ ቤት አሮጌ ምስማር አብዛኛው በቦዩ የተመታ ነበር። አናጢው አራት ቆርቆሮ ቀየረ፤ ጎን ለጎን ሁለት ሁለት ጀርባ አደራረበ፣ ላይና ታች የሚገናኙበትን ደግሞ አንድ ስንዝር ያህል አስገባ፣ ምስማሩንም ከነጎማው በጀርባው ላይ መታ። እስከዚህ ድረስ ሥራው የሚመሰገን ነው።

ጉድለቱ የመጣው በመጨረሻው ቀን ማምሻ ላይ ነው። ጎማው አልቆበት ኖሮ በግድግዳው በኩል ያሉትን 11 ምስማሮች ያለ ጎማ መታቸው። እንዲህ ያለ ምስማር ቆቡ ከቆርቆሮው ጋር ስለማይገጥም ውሃ ያሾልካል።

ታዲያ ጣሪያ ላይ መውጣት የማይችል ሰው ይህን እንዴት ይወቅ? ኮርኒስ በሌለበት ክፍል ቀን በሩንና መስኮቱን ዘግቶ ወደ ላይ ማየት ነው፤ ቀዳዳ ካለ ብርሃኑ እንደ ኮከብ ይታያል። ኮርኒስ ካለ ሠራተኛው ሳይወርድ ውሃ ይፍሰስበት። አፈሳሱ ከታች ጀምሮ ቀስ በቀስ ወደ ላይ ይሁን፣ አንድ ሰውም ቤት ውስጥ ሆኖ ይጠብቅ። ከላይ ከተጀመረ ውሃው ሁሉንም ስለሚያዳርስ በየት እንደገባ አይለይም።

በጊዜ በኩል ሰውየው የሚወቀስ ነው። በሦስት ቀን እጨርሳለሁ ብሎ ስምንት ቀን ፈጀ፤ ሌላ ቤትም ሥራ ይዞ ኖሯል። ከሁሉ የከፋው፣ አሮጌውን ቆርቆሮ አንስቶ በላስቲክ ሸፍኖ በሄደበት ሌሊት ዘነበና የእኒህ እናት በርበሬ ራሰ። የተነሳውን ያህል በዚያው ቀን ሳያለብሱ መሄድ አይገባም ነበር።

ዋጋውስ? ዕቃውን ባለቤቷ ገዝተው የእጅ ዋጋው በቁርጥ 7,000 ብር ነበር። 2,000 ብር ቀብድ፣ 3,500 ብር ቆርቆሮው ሲለብስ፣ የቀረው 1,500 ብር ደግሞ ዝናብ ታይቶ እንዲከፈል ተስማምተው በወረቀት ላይ አሰፈሩት። በመሀል ሁለት ሞራሌ በስብሶ ስለተገኘ ለመቀየሪያው 600 ብር ተጨመረ። ይህ ጭማሪ ተገቢ ነው፤ ቆርቆሮው ሳይነሳ የበሰበሰ እንጨት አይታይምና።

ሰኔ ላይ ዝናቡ ሲወርድ በግድግዳው በኩል ጠብ ጠብ አለ። ሰውየው ሲጠራ መጣ፣ 11ዱን ምስማር በባለጎማ ለውጦ 1,500 ብሩን ተቀበለ። ባይቀርለት ኖሮ ይመጣ ነበር ወይ? እሱን ለነዋሪው ፍርድ እንተወዋለን።

በእኛ በኩል ለሥራው ዳግመኛ ቢጠራ የሚያስከፋ አይደለም፤ ለቀጠሮው ግን ወረቀት ይፈርም። ጣሪያ የምታስጠግኑ ሁሉ የተወሰነውን ገንዘብ እስከ መጀመሪያው ዝናብ አቆዩ፤ ይህንንም ሠራተኛው መሰላሉን ከማቆሙ በፊት ንገሩት። ከወጣ በኋላ የሚነገር ውል ጭቅጭቅ ነው።