አንድ ስልክ፣ ሦስት ልጆች

እርስዎ ቤት ለልጆች ስንት ስልክ አለ? እዚህ ቤት ለሦስቱም አንድ ነው። እናት ለእያንዳንዳቸው 20 ደቂቃ መድባለች፤ ጭቅጭቁ ግን አልቆመም።

የ15 ዓመቱ ታላቅ ወንድም ፍሪ ፋየር ይጫወታል። እስከ 50 ሰው በኢንተርኔት የሚገባበት አንዱ ዙር ከ10 ደቂቃ በላይ ሊሄድ ይችላል፤ መሃል ላይ ማቆም የለም። እህቱ ሰዓቱ ሲሞላ ስልኩን ስትቀማው፣ ጓደኞቹ «ጥለኸን ጠፋህ» ይሉታል።

ቅዳሜ ማታ ሐሳብ አቀረበ። «በደቂቃ ሳይሆን በዙር እንቁጠር። መጀመሪያ አንቺ የቤት ሥራሽን ከቴሌግራም አውርጂ፤ ከዚያ ለእኔ ሁለት ዙር።»

የ12 ዓመቷ እህቱ አሰበችና፣ «ገና ስትገባ ብትሞትስ?» አለችው።

ዝም አለ። «እሱም አንድ ዙር ነው።»

«ባትሪውስ?» አለ ትንሹ።

«ከ30 በመቶ በታች ከሆነ አልጀምርም።»

እናት ጽፋ ፍሪጅ ላይ ለጠፈችው።

ሰኞ በሁለተኛው ዙር መሬት ሳይረግጥ ተመታ። እህቱ ዓይን ዓይኑን አየችው። ስልኩን ለትንሹ አቀበለና «ተራህ ነው» አለው።

እርስዎም ሰዓት ከመመደብዎ በፊት፣ አንዱ ዙር ስንት ደቂቃ እንደሚፈጅ ልጅዎን ይጠይቁት።