«ቁርጥ እኔን ነው የገለጸው» ማስረጃ አይደለም

ጎንደር ውስጥ ስለ ኮከብ ቆጠራ የተከራከረ ሰው ይህችን መልስ ሳያውቃት አይቀርም፦ «አንተ አትመን፤ እኔን ግን ቁርጥ አድርጎ ነው የነገረኝ።» ክርክሩ እዚች ላይ ያበቃል። ሰውየው ስለ ራሱ ነው የሚመሰክረው፤ ስለ እሱ ደግሞ ከእሱ በላይ የሚያውቅ የለም። እኔ ግን ክርክሩ መጀመር ያለበት እዚች ላይ ነው እላለሁ። «ልክ እኔን ነው» የሚለው ስሜት እውነተኛ ስሜት ነው፤ ውሸታም አትባሉም። ብቻ ስሜቱ የሚነግረን ስለ ኮከባችሁ አይደለም፤ የተነገራችሁ ዓረፍተ ነገር እንዴት እንደተሠራ ነው።

መጀመሪያ ስሌቱን እንየው፤ ብዙ ሰው መጽሐፉን ይፈራዋል እንጂ ሒሳቡን አልሠራውም። በአውደ ነገሥት ልማድ የሰውየው ስምና የእናቱ ስም በፊደል ቁጥር ይደመራል። ድምሩ ለ12 ይካፈላል፤ ቀሪው ኮከቡን ይሰጣል፦ 1 ሐመል፣ 2 ሠውር፣ 3 ጀውዛ እያለ እስከ 12 ሑት ይሄዳል። ምንም ካልቀረ 12 ተብሎ ይያዛል። ፕሮግራም ለሚጽፍ ሰው ይህ የአንድ መስመር ሥራ ነው። እንበል ልጁ ከበደ፣ እናቱ አልማዝ ይባላሉ። በሀለሐመ ተራ ከ 50፣ በ 9፣ ደ 100፣ አ 40፣ ለ 2፣ መ 4፣ ዘ 80 ነው፦

```python
q = {"ከ":50, "በ":9, "ደ":100, "አ":40, "ል":2, "ማ":4, "ዝ":80}
print(sum(q[f] for f in "ከበደአልማዝ") % 12)
```

ድምሩ 285 ነው፤ ቀሪው 9። ከበደ ቀውስ ሆነ። አሁን ፊደሉን በአበገደ ተራ እንቁጠረው፤ ይህም የራሱ የቆየ ታሪክ ያለው ተራ ነው። አ 1፣ በ 2፣ ደ 4፣ ዘ 7፣ ከ 20፣ ለ 30፣ መ 40 ይሆናል። ድምሩ 104፣ ቀሪው 8። ያው ከበደ፣ ያቺው አልማዝ፣ ግን ኮከቡ አቅራብ ሆነ። ሰንጠረዡን ሳንነካ ደግሞ አጻጻፉን ብቻ ብንቀይርስ? በሀለሐመው ተራ አ 40 ነው፣ ዐ 70። «አለሙ» ብሎ የሚጽፍና «ዓለሙ» ብሎ የሚጽፍ መዝጋቢ በ30 ይለያያሉ። 30ን ለ12 ብናካፍል 6 ይቀራል። ስለዚህ ቀበሌ መታወቂያ የጻፈው ሰው የእጅ ልማድ ልጁን ከክቡ አንድ ጫፍ አንስቶ ትክክል ወደ ተቃራኒው ጫፍ ወስዶታል ማለት ነው።

እዚህ ላይ «እንግዲህ ስሌቱ ውድቅ ነው» ብዬ ማለፍ እችል ነበር። የሚገርመው ግን ሌላ ነው፦ ከበደ ቀውስ ተብሎም አቅራብ ተብሎም የሚነበብለት ነገር ይገጥምለታል። ስሌቱ ሲሳሳት እንኳ ንባቡ ልክ የሚሆነው ለምንድን ነው?

ይህን ጥያቄ በ1948 እ.ኤ.አ. አሜሪካዊው የሥነ ልቦና መምህር በርትራም ፎረር በክፍሉ ውስጥ ፈተነው። ለ39 ተማሪዎቹ የጠባይ መጠይቅ ሰጠና ከቀናት በኋላ ለእያንዳንዳቸው «የአንተ ውጤት ይኸውና» ብሎ ወረቀት አደላቸው። ወረቀቱ ምን ያህል እንደሚገልጻቸው ከ0 እስከ 5 ነጥብ እንዲሰጡት ጠየቃቸው። አማካዩ 4.26 ሆነ። ከዚያ እውነቱን ገለጠላቸው። የሁሉም አንድ ዓይነት ነበር፤ ዓረፍተ ነገሮቹም በአብዛኛው ከጋዜጣ መሸጫ ከተገዛ የኮከብ መጽሐፍ የተለቀሙ ነበሩ። በኋላ ፖል ሚል የተባለ ሌላ የሥነ ልቦና ሊቅ በ1956 እ.ኤ.አ. ይህን ዓይነቱን ገለጻ በሰርከስ ባለቤቱ በፒ.ቲ. ባርነም ስም ጠራው። የባርነም ውጤት የሚባለው ይህ ነው።

የፎረር ወረቀት በአሜሪካ ኮሌጅ ጠረን የተጻፈ ስለሆነ ለእኛ ሰው ትንሽ ይቀዘቅዛል። እስኪ የሀገር ቤቱን እንሥራው። የሚከተሉትን ከየትም መጽሐፍ አልገለበጥኳቸውም፤ ራሴ ነኝ የጻፍኳቸው፦

«እጅህ አመድ አፋሽ ነው፤ ለሰው ትለፋለህ፣ ምስጋናውን ሌላ ይወስደዋል። ቶሎ ትቆጣለህ፣ ቶሎም ትመለሳለህ። ሰው ፊት ትስቃለህ፣ ሆድህ ግን ብዙ ይይዛል። ገንዘብ ይመጣልሃል፣ አይበረክትልህም። ከቅርብህ የሚመቀኝህ ሰው አለ።»

ስታነቡት ቢያንስ አንዷ ኮርኩማችሁ ከሆነ ሥራዋን ሠርታለች። ለምን እንደምትኮረኩም አንድ በአንድ እንየው። «ቶሎ ትቆጣለህ፣ ቶሎም ትመለሳለህ» ሁለት ተቃራኒ ነገር ባንድ ላይ ታስራለች፤ ቁጡውም ትዕግሥተኛውም ግማሿን ይዞ ይሄዳል። «እጅህ አመድ አፋሽ ነው» ቅሬታ መስላ የመጣች ሙገሳ ናት፤ ቸር ነህ እያለችህ ነው፣ ማን እንቢ ይላል? ያደረግነውን ስለምናውቅና የተደረገልንን ስለምንረሳ፣ ሁላችንም በየቤታችን አመድ አፋሾች ነን። «አይበረክትልህም» ደግሞ በወር ደመወዝ ለሚኖር ከተሜም፣ ገብሱን ሸጦ ማዳበሪያ ለሚገዛ የዳባት ገበሬም የኑሮው ዜና ናት እንጂ የኮከቡ ዜና አይደለችም።

ከሁሉ ብልጧ ግን የመጨረሻዋ ናት። «ከቅርብህ የሚመቀኝህ ሰው አለ» ብሎ ቆጣሪው ዝም ይላል። ስሙን የምትሞላው አንተ ነህ። የወንድምህ ሚስት፣ የቢሮ ጓደኛህ፣ ድንበር የገፋህ ጎረቤት፤ ፊቱ ድቅን ይልብሃል። ወጥተህ ስታወራው ግን «እገሌን ነገረኝ» ትላለህ። እሱ አልነገረህም፤ አንተ ነህ የነገርከው። ንባቡ ልክ ሆኖ የተገኘው ግማሹን አንተ ስለጻፍከው ነው።

«ታዲያ ምን ችግር አለው? ሰው ተጽናንቶ ይሄዳል» የሚል ወዳጅ አለኝ። ቢጽናና ባልከፋኝ። ነገር ግን በሰሜን ጎንደር ደጋ «የሚመቀኝህ አለ» የምትል ባዶ ቦታ ባዶ ሆና አትቆይም፤ አካባቢው አስቀድሞ ያዘጋጀላት ስም አለ። ከጎንደር ወጣ ብሎ ያለውን ወለቃን አስቡ። ቤተ እስራኤላውያን ማረሻውን እየቀጠቀጡ፣ ማሰሮና ጀበናውን እየሠሩ ለጎረቤቶቻቸው ኖረዋል፤ በምላሹ ለዘመናት ቡዳ ተብለዋል፣ ሌሊት ጅብ ይሆናሉ ተብሎ ተወርቶባቸዋል። ልጅ ሲታመም፣ ላም ስትነጥፍ፣ «የሰው ዓይን ነው» የምትል አጠቃላይ ዓረፍተ ነገር ማን ላይ እንደምታርፍ አስቀድሞ ይታወቅ ነበር። ስም ሳይጠራ ሰው መክሰስ ይቻላል ማለት ነው፤ ከሳሹም «እኔ ምን አልኩ?» ብሎ እጁን ይታጠባል።

ሁለተኛው ጉዳት ጋብቻ ላይ ነው። «ኮከባቸው አይገጥምም» ተብሎ የቀረ ትዳር በሁላችንም ዘመድ ቤት አይጠፋም። ከላይ እንዳየነው ያ ኮከብ በአ እና በዐ መካከል ባለ ምርጫ ሊገለበጥ ይችላል። ሁለት ሰዎች ዕድሜያቸውን ሙሉ የሚያስቡበት ነገር በአንድ ጸሐፊ ብዕር ላይ ተንጠልጥሎ ነበር።

እንግዲህ ሚዛን እንጠብቅ። የባርነም ውጤት ኮከብ ቆጠራ ሐሰት መሆኑን አያረጋግጥም። የሚያረጋግጠው «ገጥሞኛል» ማለት ማስረጃ እንደማይሆን ብቻ ነው፤ ምክንያቱም እውነትም ሆነ ሐሰት ቢሆን ስሜቱ ያው ነው። ማስረጃ የሚሆን ነገር ከተፈለገ ግን መንገዱ ከባድ አይደለም። የ12ቱን ኮከቦች ንባብ በየወረቀቱ ገልብጡ፤ የኮከቡን ስም፣ ቀንና ቁጥር የሚጠቁመውን ሁሉ አውጡ። ኮከባቸውን የማያውቁ 36 ሰዎች ፈልጉና 12ቱንም አንብበው ይበልጥ የሚገልጻቸውን አንዱን ይምረጡ። በጭፍን ቢመርጡም ወደ 3 የሚጠጉት የራሳቸውን ማግኘታቸው አይቀርም። 2 ወይም 5 ቢሆኑ ምንም አልተባለም። 15 ቢሆኑ እኔ ራሴ ቆጣሪው ደጅ እሰለፋለሁ። የፈተናው ቁልፍ ሰውየው የራሱን ብቻ ሳይሆን የሌላውንም ንባብ ማየቱ ነው፤ ፎረር የሁሉም ወረቀት አንድ መሆኑን ባይገልጥላቸው ኖሮ ተማሪዎቹ እስከ ዛሬ ይደነቁ ነበር።

ለቆጣሪውስ? በቅንነት የሚያነብ ሰው አለ፤ ሁሉም አጭበርባሪ ነው አልልም። እንዲያውም የባርነም ውጤት ቆጣሪውን ከደንበኛው ቀድሞ ነው የሚያታልለው። በየቀኑ «አዎ፣ ልክ ነህ» እየተባለ የሚውል ሰው ልክ አይደለሁም ብሎ የሚያስብበት ምክንያት ምን አለው? ያልገጠመለት ሰው ተመልሶ አይመጣም፤ የገጠመለት ጎረቤቱን ይዞ ይመጣል። ታማኝ ሆኖ ለመቆየት የሚፈልግ አንባቢ ሦስት ነገር ያድርግ። አንደኛ፣ እያንዳንዱን ዓረፍተ ነገር ይገልብጠው፤ «ቶሎ አትቆጣም፣ ከተቆጣህ ግን አትመለስም» ቢል ያው ሰው ራሱን የሚነቀንቅ ከሆነ ዓረፍተ ነገሩን ይጣለው። ሁለተኛ፣ ከደንበኛው ጋር ወሬ ሳይጀምር ንባቡን ጽፎ ቀን ያኑርበት፤ ከወራት በኋላ የሳተውንም ከገጠመው እኩል ይቁጠር። ሦስተኛ፣ ጠላት አያዘጋጅ። «የሚመቀኝህ አለ» የምትለዋን ከአፉ ያውጣት። እነዚህን አድርጎ የሚተርፈው ነገር ትንሽ ከሆነ፣ የተረፈውን ምክር ብሎ ይጥራው፤ ሰው ቁጭ ብሎ የሚያዳምጠው ማግኘቱ ራሱ ዋጋ አለው፣ የከዋክብት ፊርማ አያስፈልገውም።

እስካሁን ደብተራ ላይ እየሳቃችሁ ካነበባችሁ፣ ሳቁን ያዙት። በስልኩ መጠይቅ ሞልቶ በአራት የላቲን ፊደላት የጠባይ ዓይነት ተሰጥቶት መግለጫው ላይ የለጠፈ የዩኒቨርሲቲ ተማሪ የሠራው ያንኑ ነው። «ብቻህን መሆን ትወዳለህ፣ ከምትቀርባቸው ጋር ግን ተጫዋች ነህ» የምትለው በእንግሊዝኛ የመጣች «ቶሎ ትቆጣለህ፣ ቶሎም ትመለሳለህ» ናት። ብራናው ስክሪን ሆነ እንጂ ዓረፍተ ነገሩ አልተቀየረም። ለሁለቱም የሚጠየቀው ጥያቄ አንድ ነው፦ ይህ ንባብ የማይገጥመው ሰው ማን ነው? አንድ ሰው መጥራት ካልቻላችሁ፣ ስለ እናንተም ምንም አልተባለም።