«ይከብደዋልና ውሃ ጨምሩበት»

የሦስት ወር ሕፃን ደጋግሞ ካለቀሰ ጎረቤቱ ሁሉ ሐኪም ይሆናል። «ጡትሽ አልበቃውም፤ የላም ወተት ጀምሪለት» ይላል አንዱ። «ይከብደዋል» የሚል ከመጣም መላው ቅርብ ነው፤ ግማሽ በግማሽ ውሃ።

መክበዱስ እውነት ነው። የላም ወተት ፕሮቲኑ ከእናት ጡት ወተት ሦስት እጥፍ ያህል ነው፤ ጨውም ይበዛበታል። ያልጠናው ኩላሊት ያን ለማስወገድ ብዙ ውሃ ስለሚያወጣ፣ ተቅማጥ ወይም ትኩሳት ሲጨመር ሕፃኑ ቶሎ ይደርቃል። ወተቱ የብረት ማዕድን እምብዛም የለውም፤ በአንዳንድ ሕፃናት ደግሞ ከአንጀት በዓይን የማይታይ ደም ያስፈስሳል። ደም ማነስ የሚመጣው ከዚህ ነው።

ውሃው ይህን ያቃልላል ብለን እናስላው። አምስት ኪሎ ተኩል የሚመዝን ሕፃን በቀን 500 ካሎሪ ገደማ ያስፈልገዋል፤ የሚጠጣውም 800 ሚሊ ሊትር ያህል ነው። ያልቀጠነ የላም ወተት በ100 ሚሊ ሊትር 65 ካሎሪ ገደማ ሲሰጥ፣ ግማሹ ውሃ የሆነው 32 ብቻ ይሰጣል። የቀኑ ድምር 260 አይሞላም። ሆዱ ተነፍቶ ግማሽ ቀን ጾሞ ይውላል ማለት ነው፤ ያችው ጥቂት ብረትም በግማሽ ቀንሳለች።

የዓለም ጤና ድርጅት ራሱ በአንድ ወቅት ጡት ለማያገኙ ሕፃናት በእንስሳት ወተት ላይ ውሃ፣ ስኳርና ተጨማሪ ንጥረ ነገር የሚገባበት የቤት ቀመር ነበረው። በ2000ዎቹ አጋማሽ (እ.ኤ.አ.) ግን ከስድስት ወር በታች ላሉ ሕፃናት እንዳይመከር ወሰነ።

በወተት ፈንታ የሚሰጠው ቀጭን አጥሚት ደግሞ ይብሳል። እንዲያልፍ የጡጦው ጫፍ በመቀስ ይሰፋል፤ «ጠገበ፣ ተኛ» ይባላል። ስታርቹን የሚፈጨው የቆሽት ኢንዛይም ገና አልበሰለም፤ ቅባትና ፕሮቲኑም ጥቂት ነው። ትልቁ ጉዳት ግን ሌላ ነው፤ የጠገበ ሕፃን ጡት አይስብም፣ ያልተሳበ ጡትም ወተቱን ይቀንሳል። «ጡቴ አይበቃውም» የሚለው ስጋት ብዙም ሳይቆይ እውነት ይሆናል።

መብቃቱ በለቅሶ አይለካም። በቀን ስድስት ጊዜና ከዚያ በላይ ነጣ ያለ ሽንት ከሸና፣ በሚዛንም ከጨመረ በቅቶታል። ካልጨመረ በጤና ጣቢያ አጎራረሱ ይታይ፤ ሌሊቱን ጨምሮ በ24 ሰዓት ከ8 እስከ 12 ጊዜ ይጥባ። ሥራ የምትገባ እናት አልባ በንጹሕ ዕቃ ብታስቀምጥ፣ ክፍሉ ካልሞቀ አራት ሰዓት ይቆያል፤ በሲኒ ይሰጠው።

ጡት ጨርሶ ከሌለ ያለው ምትክ ለሕፃናት ተብሎ የተዘጋጀ የዱቄት ወተት ነው፤ ለሻይ የሚገዛው አይደለም። ቆርቆሮው ላይ በተጻፈው ልክ፣ ፈልቶ ገና ትኩስ በሆነ ውሃ ይበጥበጥ፤ ለሕፃኑ የሚሰጠው ለብ ሲል ነው። ውድ ነው ተብሎ ውሃ ማብዛት ያንኑ የላም ወተት ስህተት መድገም ነው።

ገንፎው ስድስት ወር ሲሞላው ወፈር ብሎ ይመጣለታል። እስከዚያ አጥሚቱን እናትየው ትጠጣው።