የእንግሊዝ መልስ ለአቦምሳ ጥያቄ

በሕግ ትምህርት ቤቶቻችን የውል ሕግ ፈተና ላይ አንድ ቀመር ሥር ሰዷል። ተፈታኙ አንዱ ወገን ውሉን ማፍረሱን እንዳነበበ «ካሳ በቂ ከሆነ ፍርድ ቤቱ ውሉ በግድ እንዲፈጸም አያዝም» ብሎ ይጽፋል፤ ነጥቡንም ያገኛል። ቀመሩ የእንግሊዝ ዳኞች ነው። በ1952 ዓ.ም. የወጣውን የፍትሐ ብሔር ሕጋችንን ያረቀቁት ግን ፈረንሳዊው ረኔ ዳቪድ ናቸው፤ የጠየቁትም ሌላ ጥያቄ ነው።

አንቀጽ 1776ን ከፍቶ ላነበበ፣ ፍርድ ቤት ውሉን በግድ የሚያስፈጽመው ሁለት ነገሮች ሲሟሉ ነው። አንደኛው፣ የውሉ መፈጸም ለጠያቂው የተለየ ጥቅም ያለው መሆኑ ነው። ሁለተኛው፣ አፈጻጸሙ የባለዕዳውን የግል ነፃነት የማይነካ መሆኑ ነው። አንዱ ከጎደለ ጥያቄው ይወድቃል። የካሳ በቂነት የመጀመሪያውን ሊያስረዳ ይችል ይሆናል፤ ሁለተኛውን ግን ጨርሶ አይነካውም። መልሱን አርመው ሙሉ ነጥብ የሚሰጡ መምህራንም ግማሹን ሕግ ሳይጠይቁ ያልፋሉ።

ቀላሉን ምሳሌ በአጭሩ እንለፈው። የአቦምሳ ነጋዴ ከመርቲ ገበሬ ቀይ ሽንኩርት ለመግዛት ተዋውሎ ገበሬው ለሌላ ሸጠበት እንበል። ሽንኩርቱ ገበያ ላይ ካለ፣ አንቀጽ 2330 ገዢው በቀላሉ ተተኪ ሊገዛ የሚችለውን ዕቃ በግድ እንዲረከብ አይፈቅድለትም። ከሌላ ገዝቶ የዋጋውን ልዩነት ይጠይቅ።

ከባዱ የኮምባይነሩ ምሳሌ ነው። ከአሰላ በላይ ባለው ደጋ 5 ሄክታር ስንዴ ያለው ገበሬ ከአቦምሳ ባለ ኮምባይነር ጋር በኩንታል 150 ብር ተዋውሏል እንበል። የሚጠበቀው ምርት 200 ኩንታል ነው። ኅዳር ላይ ስንዴው ደርቆ ሳለ ባለንብረቱ ሌላ ቦታ በ220 ብር ሥራ አገኘና ማሽኑን ወደዚያ ሊወስድ ተነሣ። ባለ ቀመሩ ተፈታኝ «ጉዳቱ በገንዘብ ይሰላል፤ ጥያቄው ውድቅ» ብሎ ይዘጋዋል። ስሌቱም እውነት ይመስላል፤ ገበሬው ሌላ ማሽን በ220 ብር ቢያገኝ ልዩነቱ 14,000 ብር ነው። አንቀጽ 1777ም በባለዕዳው ወጪ ሌላ ሰው እንዲሠራው ፍርድ ቤት ሊፈቅድ እንደሚችል ይናገራል፤ አንቀጽ 1802 ደግሞ ተጎጂው ጉዳቱን ለመቀነስ የሚቻለውን እንዲያደርግ ያስገድደዋል።

ሌላ ማሽን ከሌለስ? በአጨዳ ሰሞን ኮምባይነር ሁሉ ተይዟል፤ ዝናብ ያገኘው የደረሰ ስንዴ ደግሞ ማሳው ላይ እያለ ይበቅላል። እዚህ ላይ የተለየ ጥቅም አለ ማለት ይቻላል። ቀጥሎ የግል ነፃነት ይመጣል። ባለንብረቱ ራሱ ካልነዳ በቀር ማሽኑን የሚያንቀሳቅስ ከሌለ፣ ሰውን በግድ ማሠራት ይሆናልና ዳኛው ይከለክላል። ኦፕሬተር ቀጥሮ የሚያሠራ ከሆነ ግን ትእዛዙ የሚያርፈው በማሽኑ ላይ እንጂ በሰውየው ጉልበት ላይ አይደለም፤ እኔ ዳኛ ብሆን እፈቅደው ነበር። ይህችን አንዲት ፍሬ ነገር፣ ማለትም ማን እንደሚነዳው፣ ጥያቄው ውስጥ የማይጽፍ መምህር ተማሪውን እንዲገምት ፈርዶበታል።

ፈተናዎቻችን ፈጽሞ የሚረሱት ደግሞ ቀኑን ነው። ክሱ ተሰምቶ ፍርድ እስኪሰጥ ስንዴው ወይ ታጭዷል ወይ ተበላሽቷል፤ ያን ጊዜ በግድ የሚፈጸም ነገር የለምና የሚቀረው ካሳ ብቻ ነው። ስለዚህ ገበሬው በመጀመሪያ የሚፈልገው እግድ ነው። በ1958 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሥነ ሥርዓት ሕግ አንቀጽ 155 ክስ ከቀረበ በኋላ ተከሳሹ ውሉን እንዳያፈርስ ጊዜያዊ እግድ መጠየቅን ይፈቅዳል። (በዚህ ሕግ ላይ የሕንድ ሥነ ሥርዓት ሕግ ጥላ አለበት፤ የእንግሊዝን ሽታ የሚወዱ እዚህ ቢፈልጉት ያገኙታል።) ዳኛው ዋስትና ሊጠይቅ፣ ጊዜም ሊወስን ይችላል። ከትእዛዙ በፊት ሌላኛው ወገን መሰማት አለበት፤ መዘግየቱ እግዱን ከንቱ የሚያደርገው ከሆነ ግን አንቀጽ 156 ሳይጠራ እንዲታዘዝ ይፈቅዳል። ማሽኑ ነገ ጠዋት የሚነሣ ከሆነ አቤቱታው ይህን በግልጽ መናገር አለበት፤ «ስጋት አለኝ» ብቻ አይበቃም።

እግዱም ወሰን አለው። «ወደ ሌላ ማሳ አትሂድ» ማለት «የእኔን እጨድ» ማለት አይደለም። ባለንብረቱ ማሽኑን አቦምሳ ጓሮው አቁሞ ቢቀመጥ እግዱን አልጣሰም፤ ገበሬውም ስንዴውን አላገኘም። ተፈታኙ ይህን ካየ፣ ገበሬው በአንድ አቤቱታ እግዱንም በግድ መፈጸሙንም እንዲጠይቅ፣ ባይሳካ ደግሞ ካሳውን በአማራጭ እንዲያስቀምጥ ይመክረዋል። ማሽኑ ጊርቦክሱ ተሰብሮ ቆሞ ከተገኘ ደግሞ እግዱም ትእዛዙም ዋጋ የላቸውም፤ መጣራት ያለበት ብልሽቱ ከመቼ ጀምሮ እንደሆነና ባለንብረቱ አውቆ ተዋውሎ እንደሆነ ነው፤ ካሳው በዚያ ላይ ይንጠለጠላልና።