የትኬቱ ገመድ በማን እጅ ነው?



ዛሬ ስለ አውሮፕላን ትኬት ልጽፍ ነው። «መምህር ደግሞ ማንኩሳ ቁጭ ብሎ ስለ አውሮፕላን ምን አገባው?» የምትሉ አትጠፉም። እውነታችሁን ነው፣ እኛ ሰፈር አውሮፕላን የሚታየው አንጋጦ ነው። ግን ልጁ ወይ ወንድሙ ውጭ ያለ ቤተሰብ ከፍኖተ ሰላም እስከ ቡሬ በየሰፈሩ አለ። እናት አራስ ለመጠየቅ ትሄዳለች፣ አባት ለሕክምና ይሄዳል። ትኬቱን የሚቆርጠው ደግሞ እዚያ ያለው ልጅ ነው፤ ከሥራ ሲወጣ ስልኩ ላይ ረከስ ያለውን አይቶ። እኛንም ያቃጠለን ይኸው ነው።

የአክስቴ ልጅ አሜሪካ ነው የሚኖረው። ባለቤቱ ወንድ ልጅ ወለደች። አክስቴ ቪዛዋ ቀደም ብሎ ወጥቶ ስለነበር ለአርባ ቀኑ ክርስትና እንድትደርስ ተባለና ልጁ ደርሶ መልስ ትኬት ቆረጠላት። የአየር መንገዱ የራሱ ድረ ገጽ 1,240 ዶላር ይል ነበር። አንድ የኦንላይን ትኬት ሻጭ ያንኑ በረራ 1,180 ይላል። 60 ዶላር ቅናሽ! ማንም ቢሆን ከሻጩ ይገዛል። እኔም ብሆን እገዛ ነበር።

በረራው ከአዲስ አበባ ሐሙስ ሌሊት ነው። አክስቴ በሶዋን አስፈጭታ፣ ቅቤዋን አንጥራ፣ ማክሰኞ ጠዋት መናኸሪያ ወጣች። በዚያ ሳምንት መንገዱ ተዘጋ። የኛን አካባቢ የምታውቁ ይህን ማብራራት አያስፈልጋችሁም፤ ዛሬ ይከፈታል ነገ ይከፈታል እየተባለ ረቡዕም መሸ። ደጀንን አልፎ፣ አባይን ወርዶ ወጥቶ አዲስ አበባ መድረስ ደግሞ ሙሉ ቀን የሚፈጅ ጉዞ ነው። ስለዚህ ረቡዕ ማታ አንድ ነገር ግልጽ ሆነልን፤ በረራው አያመልጥም ብሎ መጠበቅ ሞኝነት ነው፣ ቀኑ መቀየር አለበት።

ልጁ መጀመሪያ የደወለው ለአየር መንገዱ ነው። ያነሳችው ልጅ ትሑት ነበረች፣ ስሙን አየች፣ በረራውን አየች፣ ከዚያ «ትኬቱ የወጣው በኤጀንሲ ስለሆነ መቀየር የሚችሉት እነሱ ናቸው» አለችው። ለኤጀንሲው ሲደውል ሁለት ሰዓት ሙሉ ሙዚቃ ሰማ። በጽሑፍ ሲጠይቅ «ጥያቄዎ ደርሶናል፣ ከ24 እስከ 48 ሰዓት ባለው ጊዜ እንመልሳለን» የሚል መጣለት። በረራው የቀረው ደግሞ 26 ሰዓት ነው። በቃ፣ ሐሙስ ሌሊት አውሮፕላኑ ሄደ፣ አክስቴ ማንኩሳ ቀረች።

መልሱ የመጣው ቅዳሜ ነው። ሳይነገር የቀረ መንገደኛ «ኖ ሾው» ተብሎ ይመዘገባል፤ ቅጣቱም ቀድሞ ከሚቀይር ሰው ይበልጣል። በዚያ ላይ የመጀመሪያው በረራ ሳይበረር ሲቀር የመመለሻውም አብሮ ይሰረዛል። ስለዚህ የተጠየቀው እንዲህ ነው፤ የኖ ሾው ቅጣት 200 ዶላር፣ የአዲሱ ቀን የዋጋ ልዩነት 310 ዶላር፣ የኤጀንሲው የራሱ አገልግሎት ክፍያ 80 ዶላር። ድምር 590።

ትኬቱ በቀጥታ ከአየር መንገዱ ተቆርጦ ቢሆን ኖሮስ? የትኬቱ ደንብ ላይ ከበረራ በፊት ለሚቀይር 100 ዶላር ይላል። ረቡዕ ማታ ልጁ ያየው የዋጋ ልዩነት 130 ነበር። ድምር 230። የሒሳብ መምህር ነኝና ልቀንሰው፤ 590 ሲቀነስ 230፣ 360 ዶላር። 60 ለማትረፍ 360 ከሰርን ማለት ነው። ገንዘቡ እስኪሞላ፣ ቦታ እስኪገኝ ሌላ ሳምንት ሄደ። አክስቴ እዚያ የደረሰችው ሕፃኑ በተወለደ በ47ኛው ቀን ነው። ክርስትናውን በቪዲዮ አሳዩዋት።

ይሄን የምጽፈው ኤጀንሲውን ለመርገም አይደለም። የትኬቱ ደንብ ከየትም ብትገዙት ያው ነው። «አይመለስም» የሚል ርካሽ ትኬት ከአየር መንገዱ ስለገዛችሁት የሚመለስ አይሆንም። የሚለየው ሌላ ነገር ነው።

በኛ ገበያ በሬ በደላላ ስትገዙ ደላላው ኮሚሽኑን ይዞ ይሄዳል፣ ገመዱ ግን እናንተ እጅ ላይ ይቀራል። የትኬት ደላላ እንዲህ አይደለም፤ ይሸጥላችኋል፣ ገመዱን ግን እሱ እንደያዘ ይቆያል። ትኬቱን በስሙ ያወጣው እሱ ስለሆነ አየር መንገዱ ቀን ቀይር፣ ስም አስተካክል፣ ገንዘብ መልስ ሲባል ወደ እሱ ይመልሳችኋል። አብዛኛውን ጊዜ ያለ እሱ የሚነካው በረራውን ራሱ አየር መንገዱ ሲሰርዘው ወይም ሰዓቱን ሲለውጠው፣ አለዚያም የጉዞው ቀን ኤርፖርት ላይ ነው። በቀጥታ ስትገዙ ግን በእናንተና በገመዱ መካከል ማንም የለም።

ገንዘብ ሲመለስም ያው ነው። ገንዘብ የሚመለሰው በሄደበት መንገድ ነው። ኤጀንሲው ካርዳችሁን ቆርጦ ለአየር መንገዱ ከፍሎ ከሆነ፣ አየር መንገዱ ለኤጀንሲው ይመልሳል፣ ኤጀንሲው ለካርዱ ይመልሳል። ሁለት ቤት፣ ሁለት ወረፋ። የትኛው እንደሆነ ለማወቅ የባንክ መግለጫችሁ ላይ የማን ስም እንደሰፈረ ተመልከቱ። የአየር መንገዱ ስም ካለ አየር መንገዱን ጠይቁ፤ የኤጀንሲው ስም ካለ ኤጀንሲውን። አሜሪካ በ2024 ያወጣችው ደንብም የሚለው ይህንኑ ነው። ከአሜሪካ ለሚነሳ ወይም ወደዚያ ለሚሄድ በረራ፣ አየር መንገዱ ከሰረዘው ወይም ዓለም አቀፍ በረራን 6 ሰዓትና ከዚያ በላይ ከለወጠውና መንገደኛው አማራጩን ካልተቀበለ፣ «አይመለስም» የሚል ትኬትም ቢሆን ገንዘቡ ይመለሳል። የሚመልሰው ደግሞ ካርዱን የቆረጠው ወገን ነው። ልብ በሉ፣ እኛ መንገድ ተዘግቶብን መቅረታችን በዚህ አይሸፈንም። በረራው ስላልተሰረዘ የቀረነው እኛ ነን።

ሌላም አለ፣ ይህን ብዙ ሰው አያውቀውም። በዚያው አሜሪካ በሚነካ በረራ ላይ፣ ከጉዞው 7 ቀንና ከዚያ በላይ ቀድማችሁ በቀጥታ ከአየር መንገዱ ከገዛችሁ፣ አየር መንገዱ ወይ ሳትከፍሉ ዋጋውን ለ24 ሰዓት ሊይዝላችሁ፣ ወይ በ24 ሰዓት ውስጥ ያለ ቅጣት እንድትሰርዙ ሊፈቅድላችሁ ይገደዳል። ኤጀንሲ በዚህ አይገደድም። አንዳንዱ በራሱ ፈቃድ ያደርገዋል፣ አንዳንዱ አያደርገውም። ይቺ 24 ሰዓት ለኛ ትልቅ ነገር ናት፤ ምክንያቱም የኛ ስም ነው። ወልደ ሥላሴን፣ ኃይለ ማርያምን ፓስፖርቱ አንድ ላይ ይጽፈዋል፣ ልጁ ለያይቶ ይጽፈዋል። የአያት ስም ይረሳል። ትኬቱ በወጣ ዕለት የፓስፖርቱን ፎቶ አጠገቡ አድርጋችሁ ፊደል በፊደል አስተያዩት፤ ስህተት ካለ በዚያ ቀን ሰርዞ እንደገና መቁረጥ ነው።

ይህን ሐሳቤን አዲስ አበባ ትኬት ቢሮ ለምትሠራ የቀድሞ ተማሪዬ ነግሬያት ነበር። «መምህር፣ ሁላችንንም አንድ ላይ አትጨፍልቀን» አለችኝ። እውነቷን ነው። እሷ ቢሮ በሩን አንኳኩታችሁ ትገባላችሁ፣ ወንበር ላይ ትቀመጣላችሁ፣ ሳይስተካከል አትነሡም። ስልኳን ለደንበኛ ትሰጣለች፣ ማታም ታነሳለች። እንዲያውም ኢንተርኔት በተዘጋበት ጊዜ ከኛ ይልቅ ብዙ የሚያውቁት እነሱ ነበሩ። ገመዱን የያዘው ሰው ፊት ያለው ከሆነ ኤጀንሲ ጥፋት የለውም። የኔ ጠብ በሩ የት እንደሆነ ከማይታወቀው፣ ስልኩ ከማይነሳው ጋር ነው። እሱንም ቢሆን ዋጋ ለማነጻጸር ተጠቀሙበት፤ የትኛው አየር መንገድ በየትኛው ቀን እንደሚረክስ ካያችሁ በኋላ ግን ወደ አየር መንገዱ ድረ ገጽ ሂዱና እዚያ ግዙ። ልዩነቱ ጥቂት ዶላር ከሆነ የገመዱ ዋጋ ነው ብላችሁ ክፈሉት።

አስቀድማችሁ ከኤጀንሲ ገዝታችሁ ከሆነስ? ዛሬውኑ ሁለት ነገር አድርጉ። አንደኛ፣ ስድስት ፊደልና ቁጥር የተቀላቀለበትን የአየር መንገዱን ኮድ ፈልጉ። ኤጀንሲው የሚሰጠው ረጅም የራሱ ቁጥር ሌላ ነው፣ አየር መንገዱ አያውቀውም። በስድስቱ ኮድና ትኬቱ ላይ ባለው የመጨረሻ ስም የአየር መንገዱ ድረ ገጽ ላይ ግቡ። 13 አሃዝ ያለው የትኬት ቁጥር መኖሩን አረጋግጡ፤ እሱ ከሌለ ቦታ ተይዟል እንጂ ትኬት አልወጣም። ለኢትዮጵያ አየር መንገድ ትኬት ቁጥሩ በ071 ይጀምራል። ሁለተኛ፣ እዚያው ላይ የራሳችሁን ስልክና ኢሜይል አስገቡ። ካልሆነ የሰዓት ለውጥ ሲኖር መልእክቱ ለኤጀንሲው ብቻ ሄዶ ይቀራል።

የማይደረስ መሆኑን ያወቃችሁ ዕለት ደግሞ ኤጀንሲው እስኪመልስ አትጠብቁ። አየር መንገዱን «ቀን መቀየሩ ይቅር፣ ቢያንስ ቦታዋን ልቀቁላት፣ ኖ ሾው እንዳትባል» በሉት። ሁሉም እሺ አይልም። እሺ ካለ ግን የትኬቱ ቀሪ ዋጋ ይተርፋል። እኛ ያን ረቡዕ ማታ ይህን ጥያቄ ብናውቅ ኖሮ ምናልባት 200 ዶላሯ ትቀር ነበር።

አክስቴ አሁን እዚያው ናት፣ የልጅ ልጇን ታቅፋ ፎቶ ትልክልናለች። የመመለሻ ቀኗን ማራዘም ፈልጋለች። ትኬቱ ያው የኤጀንሲው ነውና ልጁ ከአሁኑ፣ ሁለት ወር ሲቀረው፣ ሙዚቃ መስማት ጀምሯል።

ውጭ ያላችሁ ልጆቼ፣ ለእናታችሁ ትኬት ልትቆርጡ ከሆነ ይቺን አንብቡና ቁረጡ። ከኔ የተሻለ የምታውቁ ደግሞ ኮሜንት ላይ አርሙኝ።